ምዕራፍ 7፦ በሩ አብጧል ወይስ ወርዷል?

ኮለምበስ ውስጥ ስለ በር የሚሰማው ስሞታ በብዛት የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ጣት ይዘጋ የነበረ የመኝታ ቤት በር ድንገት ትከሻ ይፈልጋል፤ ሲከፈትም ይጮኻል። ባለቤቱ «አየሩ ነው፣ እንጨቱ አብጦ ነው» ይላል። አናጺ ቢጠራ አናጺው መላጊያውን ይዞ ይመጣል፣ የታሸውን ጠርዝ ይልጋል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በጥር ወር ያው በር በመቃኑ ውስጥ ልል ሆኖ ይንኳኳል፤ በጠርዙም በኩል የኮሪደሩ መብራት ይታያል። የተላገ እንጨት ተመልሶ አይበቅልም።

በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ መላጊያ የመጨረሻው መሣሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ካቻቪቴ ነው። በእርጥበት የሚሳበቡት በሮች ብዙዎቹ ያላበጡ በሮች ናቸው፤ ማጠፊያቸው ላልቶ የወረዱ ናቸው። ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። የሚታሸው ቦታ የት እንደሆነ ማየትና እንጨት በየት አቅጣጫ እንደሚያብጥ ማወቅ ይበቃል።

ከአየሩ እንጀምር፤ ኮለምበስ በዚህ ረገድ ለእንጨት የማትመች ከተማ ናትና። በጥር ወር ውጭ ያለው አየር ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር፣ እርጥበቱ 85 ከመቶ እንኳ ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ አየር ወደ ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 14 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ምግብ ሲበስል፣ ሰው ሲታጠብና ሲተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት ትንሽ ይደግፈዋል፤ ቢሆንም ማሞቂያ የሚሠራበት ቤት ክረምቱን የሚያሳልፈው 25 ወይም 30 ከመቶ አካባቢ ነው። ከንፈር የሚሰነጠቀውም፣ የበር እጀታ ሲነካ ኤሌክትሪክ የሚቆነጥጠውም ለዚህ ነው። በሐምሌ ይገለበጣል። ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት አየር ውሃ የጠገበ ነው፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ወይም መስኮት ተከፍቶ በሚታደርበት ቤት 70 ከመቶ ማግኘት የተለመደ ነው። ቤዝመንትማ ከዚያም ያልፋል።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው የወሩ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። አዲስ አበባም በር የሚጣበቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ልዩነቱ በደረቁ ወራት ነው፤ የአዲስ አበባ በጋ የኮለምበስን ክረምት ያህል የቤት ውስጥ አየር አያደርቅም፣ ማሞቂያ የለምና። ስለዚህ እዚህ ያለ በር በዓመት ውስጥ የሚሄደው መንገድ ይረዝማል።

እንጨት በዙሪያው ካለው አየር ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ውሃ ይወስዳል ወይም ይለቃል። በ30 ከመቶ እርጥበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ እንጨት ከክብደቱ 6 ከመቶ የሚሆን ውሃ ይይዛል፤ በ70 ከመቶ ደግሞ 13 ከመቶ ገደማ። ቀለም የተቀባ በር ቀስ ብሎ ስለሚቀበል እስከ ዳር አይደርስም፤ በክረምትና በበጋ መካከል 5 ከመቶ ያህል ልዩነት ቢገመት ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ዋናው ነገር ግን አቅጣጫው ነው። እንጨት የሚያብጠው በቃጫው አግድም ነው። በቃጫው ርዝመት፣ ማለትም ዛፉ በቆመበት አቅጣጫ፣ የሚለወጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለት ሜትር የሚረዝም ጣውላ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሜትር ነው ማለት ይቻላል፤ ወርዱ ግን ይለዋወጣል።

አሁን በሩን ራሱን ይመልከቱት። በኮለምበስ አሮጌ ሰፈሮች፣ ለምሳሌ በክሊንተንቪል፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት የተሠሩ ቤቶች ያሏቸው በሮች ሙሉ ሳንቃ አይደሉም። ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 11 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋሉ። በመካከላቸው አግዳሚዎች ገብተዋል። በቋሚና በአግዳሚ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በቀጭን ሳንቃ ይሞላል፤ ሳንቃው በጎድጎዳ ውስጥ ያለ ኮላ ስለሚቀመጥ እንደ ልቡ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፣ የበሩን ወርድ ግን አይገፋም። የአግዳሚዎቹ ቃጫ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ እነርሱም በወርድ በኩል አይረዝሙም። ስለዚህ የበሩን ወርድ የሚለውጡት ሁለቱ ቋሚዎች ብቻ ናቸው፤ በድምሩ 22 ሴንቲሜትር እንጨት።

ስሌቱ ቀላል ነው። በተለመደ አቆራረጥ የተሰነጠቀ ጥድ መሰል እንጨት፣ በውስጡ ያለው ውሃ 1 ከመቶ ሲጨምር ወርዱ ሩብ ከመቶ ያህል ይሰፋል። 220 ሚሊሜትር እንጨት በ5 ከመቶ የውሃ ለውጥ 2.75 ሚሊሜትር ይሰፋል ማለት ነው። ቃጫው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሆኖ ከተሰነጠቀ ደግሞ ከዚህ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በበርና በመቃን መካከል የሚተወው ክፍተት በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ደህና ሆኖ የተሠራ በር በበጋው ጫፍ ላይ ሊጠብ ይችላል፤ ነገር ግን እብጠት ብቻውን አንድ ሴንቲሜትር አይሰጥዎትም። እዚያ ለመድረስ ሌላ ነገር መኖር አለበት።

በአገር ቤት የምናውቀው፣ ጣውላዎች ጎን ለጎን ተገጥመው የሚሠሩት የሳንቃ በር ታሪኩ ሌላ ነው። እሱ 80 ሴንቲሜትሩ ሙሉ በሙሉ በአግድም ቃጫ ነው፤ በተመሳሳይ የውሃ ለውጥ 10 ሚሊሜትር ሊሰፋ ይችላል። «በር በክረምት ያብጣል» የሚለው እምነታችን ከዚያ በር የመጣ ይመስለኛል፤ ለዚያ በርም ትክክል ነው። በኖርዝላንድ አካባቢ እንዳሉት ከ1950ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ለሚገኘው ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል በር ግን ጨርሶ አይሠራም። ያ በር በሁለት ስስ ገጾች የተሸፈነ፣ በዙሪያው ብቻ ጠባብ እንጨት ያለው ነው፤ የሚያብጠው ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ በር ከታሸ ተጠርጣሪው ማጠፊያው ወይም መቃኑ ነው። ደግሞም በዙሪያው ያለው እንጨት ሦስት ሴንቲሜትር እንኳ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ የላገው ሰው ባዶው ሆዱ ላይ ይደርሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጡት ምልክቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ቋሚዎቹ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለሆኑ እብጠት የበሩን ወርድ በሙሉ ርዝመቱ ይጨምራል። ማጠፊያው በብሎን የተያዘ ስለሆነ ጭማሪው የሚወጣው በእጀታው ወገን ነው። ያበጠ በር በእጀታው በኩል ረጅም መስመር ሠርቶ ይታሻል፤ በማጠፊያው በኩል ያለው ክፍተት ግን ከላይም ከታችም እኩል ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው፣ የቋሚዎቹ ቃጫ ከታች ወደ ላይ ስለሚሄድ የበሩ ቁመት አይጨምርም። በሩ ከላይ ጉበኑን ወይም ከታች ወለሉን መፋቅ ከጀመረ እብጠትን ከዝርዝሩ ይሰርዙት ማለት ይቻላል። በር ወደ ላይ አያድግም፤ ይጋደላል እንጂ።

የመጋደሉ መንገድም የታወቀ ነው። በሩ በአንድ ጎኑ ብቻ የተንጠለጠለ ስለሆነ ክብደቱ የላይኛውን ማጠፊያ ከመቃኑ ይስባል፤ የታችኛውን ደግሞ ወደ መቃኑ ይገፋል። ቀድሞ የሚላላው የላይኛው ነው። የላይኛው ማጠፊያ ጥቂት ሲወጣ በሩ በታችኛው ማጠፊያ ላይ ይዞራል፤ የእጀታው ወገን የላይኛው ማዕዘን ወደ መቃኑ ይጠጋል፣ የእጀታው ወገን የታችኛው ማዕዘን ወደ ወለሉ ይወርዳል። በማጠፊያው ወገን ያለው ክፍተት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ይሆናል። የቁልፉ ምላስም ከመግቢያው ቀዳዳ በታች ስለሚያርፍ በሩን ለመዝጋት እጀታውን ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። እጀታውን እያነሱ የሚዘጉ ከሆነ በርዎ ወርዷል፤ ሌላ ምርመራ ባያደርጉም እስከዚህ ድረስ መተማመን ይችላሉ።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር እንይ። ክሊንተንቪል ውስጥ ያለ የ1920ዎቹ ቤት ነው፤ ችግሩ የፎቁ መታጠቢያ ቤት በር። ሻወር ስላለ፣ ወሩም ሐምሌ ስለነበረ የቤቱ እመቤት ፍርዱን ጨርሰው ነበር የጠበቁኝ።

«አብጦ ነው ልጄ፤ ትንሽ ላግልኝና ልረፍ።»

«እሺ እትዬ፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ ልየው» አልኳቸው።

በሩ 76 ሴንቲሜትር ወርድና 203 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው፣ ባለ ቋሚና አግዳሚ፣ በሁለት ማጠፊያ የተንጠለጠለ ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ ክፍተቱን በሳንቲም ዞርኩት። ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የአሜሪካ ባለ 25 ሳንቲም ውፍረቱ 1.75 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱ ተደርበው 3.5 ይሆናሉ። በማጠፊያው ወገን ከላይ ሦስት ሳንቲም ተደርቦ ገባ፤ ከታች ግን አንዱ በጭንቅ አለፈ። በእጀታው ወገን ከታች ሁለት ሳንቲም ገባ፤ ከመሃል ወደ ላይ አንድ ብቻ፤ የላይኛው ማዕዘን ጋ ወረቀት እንኳ አላስገባም። ቀለሙም የተላጠው እዚያው ማዕዘን ላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነበር። ቀለሙ ገና ያልተላጠ በር ከሆነ መቃኑን ጠመኔ ቀብቶ በሩን መዝጋትና መክፈት ነው፤ የሚነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ቀጥሎ በሩን ግማሽ ከፍቼ በሁለት እጄ በእጀታው በኩል ወደ ላይ አነሳሁት። ዓይን መሆን ያለበት የላይኛው ማጠፊያ ላይ ነው። የማጠፊያው ቅጠል ከመቃኑ ሲላቀቅና ሲመለስ፣ ብሎኖቹም አብረው ሲንቀሳቀሱ ታየ። ብሎኑ ጸንቶ የማጠፊያው ዘንግ ብቻ ቢንቀሳቀስ ኖሮ ያለቀው ማጠፊያው ነው፤ መለወጥ ነበረበት። እዚህ ግን ማጠፊያው ደህና ነው፤ የለቀቀው እንጨቱ ነው።

ቅጠሉ ከላይ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ወጥቷል። ይቺ 2.5 ሚሊሜትር ምን እንደምትሠራ እናስላ። በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ያለው ርቀት 150 ሴንቲሜትር ነው፤ ከታችኛው ማጠፊያ እስከ በሩ አናት 170 ሴንቲሜትር። ስለዚህ የላይኛው ማዕዘን ወደ መቃኑ የሚጠጋው 2.5 ጊዜ 170 ሲካፈል ለ150፣ ማለትም 2.8 ሚሊሜትር ነው። የእጀታው ወገን ደግሞ 2.5 ጊዜ 76 ሲካፈል ለ150፣ ከ1.3 ሚሊሜትር ትንሽ ያነሰ ይወርዳል። ከመጀመሪያው 3 ሚሊሜትር የነበረው ክፍተት በዚሁ ብቻ ሊያልቅ ደረሰ። ሐምሌ ላይ ቋሚዎቹ በጥቂቱም ቢሆን ሲሰፉ የቀረችውን ወሰዷት። እትዬ በከፊል ልክ ነበሩ፤ እብጠት ነበር። ግን ጥፋተኛው ብሎኑ ነው፤ እብጠቱ ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣው ብቻ ነው። በክረምት ዝም ብሎ በበጋ የሚታሽ በር ሁሉ አብጧል ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። ወሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ ማስረጃው ያለው የክፍተቱ ቅርጽ ላይ ነው።

ጥገናው የሚጀምረው በሩን በመደገፍ ነው። በእጀታው ወገን ከሥር የእንጨት ሽብልቅ ገብቶ፣ የላይኛው ክፍተት እኩል እስኪሆን በሩ ቀስ ብሎ ይነሳል። ይህ ካልተደረገ ብሎን ሲጠብቅ የበሩን ሙሉ ክብደት ይጎትታል፤ እንጨቱን ዳግመኛ ይበላዋል። ከዚያ የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች በእጅ ካቻቪቴ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። በእጅ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የኤሌክትሪኩ መሣሪያ ብሎኑ እንጨቱን መንከሱን ወይም ባዶ መዞሩን አያስታውቅም። ከላይኛው ማጠፊያ ሦስት ብሎኖች አንዱ ያዘ፤ ሁለቱ ዝም ብለው ዞሩ። ቀዳዳቸው አልቋል።

ላለቀ ቀዳዳ ሁለት መንገድ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። አንደኛው ቀዳዳውን መሙላት ነው። ስቴኪኒዎች የእንጨት ኮላ ተቀብተው ቀዳዳው እስኪጠግብ ይገፋሉ፤ ሌሊቱን ይደርቃሉ፤ የተረፈው በመሮ ይቆረጣል፤ በመሃሉ ቀጭን ቀዳዳ ተበስቶ ብሎኑ ይመለሳል። ለቀላል የውስጥ በር ይበቃል። ለከባድ የውጭ በር ግን ስቴኪኒ አላምንም፤ ቀዳዳውን አስፍቶ ክብ የጠንካራ እንጨት ቁራጭ በኮላ መትከል ይሻላል። ሁለተኛው መንገድ ረጅም ብሎን ነው። መቃኑ ራሱ ውፍረቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አጭሩ ብሎን ከእሱ አያልፍም። ከመቃኑ ጀርባ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያ በኋላ የግድግዳው ቋሚ እንጨት። 7.5 ሴንቲሜትር የሚረዝም ብሎን ሁሉንም አልፎ የግድግዳውን እንጨት ይነክሳል። ከማጠፊያው ቀዳዳዎች ወደ ግድግዳው መሃል የሚቀርበው ይመረጣል፤ ከጠርዝ የሚገባው እንጨቱን ስቶ ወደ ልስኑ ሊወጣ ይችላል። ቀድሞ በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ መንገድ መክፈት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አሮጌ መቃን ይሰነጠቃል።

ይህ ረጅም ብሎን ጉልበተኛ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ዙሮች በእጅ፣ በየግማሽ ዙሩ ክፍተቱን እያዩ መሆን አለባቸው። ከሚገባው በላይ ሲጠብቅ መቃኑን ራሱን ወደ ግድግዳው ይስበዋል፤ በሩም በማጠፊያው ወገን ይነክሳል። እንዲህ የነከሰ በር ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሊዘጋ ሲል እንደ ስፕሪንግ ይገፋል፣ ሲለቁትም ትንሽ ይከፈታል። የብሎኑ አናት ከማጠፊያው ቅጠል ወጥቶ ከቀረም ይኸው ይሆናል፤ ሁለቱ ቅጠሎች ሊገጣጠሙ አይችሉምና። የማጠፊያው መቀመጫ በብዙ ድርብ ቀለም የተሞላ ከሆነም እንዲሁ።

በጀርመን መንደር የሚኖር አንባቢ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናውያን ስደተኞች በጡብ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ የገባው ይህ ሰፈር የጡብ ግድግዳዎቹ ሙሉ ጡብ ናቸው። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ከመቃኑ ጀርባ ብሎን የሚነክሰው ቋሚ እንጨት ላይኖር ይችላል። እዚያ ረጅሙ ብሎን ጡብ መትቶ ይቆማል፤ ቀዳዳውን መሙላት ይሻላል።

ወደ እትዬ በር ልመለስ። የላይኛው ማጠፊያ ረጅሙን ብሎን ይዞ ወደ ቦታው ሲመለስ ማዕዘኑ ተላቀቀ፤ በዚያ በኩል አንድ ሳንቲም በቀላሉ ገባ። የቁልፉ ምላስም ያለ ማንሳት ገባ። ያም ሆኖ በእጀታው ወገን ከላይ እስከ ታች ክፍተቱ ጠበብ ብሎ ቀረ፤ አሁን ግን በእኩል መጠን። ይህ የእውነተኛ እብጠት መልክ ነው። በርካሽ የሚገኝ የእርጥበት መለኪያ በኮሪደሩ ላይ 68 ከመቶ አሳየ። ወንበር ላይ ወጥቼ የበሩን አናት በስልክ ፎቶ አነሳሁት፤ እንደ ጠረጠርኩት ቀለም ነክቶት አያውቅም። የታችኛውም እንዲሁ። እነዚህ ሁለት ቦታዎች የቋሚዎቹ ቃጫ ተቆርጦ የሚታይባቸው ናቸው፤ ውሃ በቃጫው ጫፍ የሚገባው በጎኑ ከሚገባው ብዙ ጊዜ በፈጠነ ሁኔታ ነው። ቀለም ቀቢዎች የማይታየውን ስለማይቀቡ በኮለምበስ አሮጌ ቤቶች ይህን ማግኘት ተራ ነገር ነው።

«ታዲያ አሁን አትልገውም?»

«አሁን አይደለም እትዬ። ጥቅምትን ይጠብቁ።»

ምክንያቱ ይኸው ነው። በሐምሌ የሚልግ ሰው የሚልገው የእንጨቱን ትልቁን መጠን ነው፤ በጥር 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲሸበሸብ የላገው ተጨምሮበት ክፍተቱ ዓይን ይሞላል። እስከዚያ በቤዝመንቱ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ከፍቶ ቤቱን ወደ 50 ከመቶ ማውረድ፣ ሻወር ሲወሰድም የአየር ማውጫውን ማብራት ይበቃል። በሚነካው ጠርዝ ላይ ሻማ ማሸት ለሰሞኑ ያንሸራትታል። ቀለም የተቀባ እንጨት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይታይም። በጥቅምት፣ ማሞቂያው ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የክፍተቱ መጠን ይለካል። ያኔ ሁለት ሳንቲም ካለፈ ምንም አይላግም፤ በሩ ከማጠፊያው ወርዶ አናቱና ታቹ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ ይመለሳል። በደረቁ ወቅት መቀባቱም ራሱ ጥቅም አለው፤ እንጨቱ ውሃ ጠግቦ ሳለ ቢቀባ እርጥበቱ ከውስጥ ይዘጋበታል። በጥቅምትም አንድ ሳንቲም ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ያኔ መላጊያ ይነሳል፤ እሱም በእጀታው ወገን፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ፣ የተላገውም ጠርዝ በዚያው ቀን ይቀባል። በማጠፊያው ወገን መላግ የማጠፊያውን መቀመጫ ያበላሻል።

የሚላገው ቀለም ከ1978 በፊት የተቀባ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ይነሳል። በዚያ ዓመት ነው እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው። የ1920ዎቹ ቤት በር ከላይ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ከሥሩ የእርሳስ ቀለም እንዳለው መቁጠር ይሻላል። በርና መስኮት ደግሞ ሲታሹ ቀለሙን ወደ ደቃቅ አቧራ ስለሚለውጡት ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት የሚፈሩት ቦታዎች ናቸው። ብሎን የማጥበቅ ሌላው ትርፉ ይኸው ነው፤ አቧራ አያስነሳም፣ መታሸቱንም ያስቆማል። መላግ ግድ ከሆነ በሩ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ከሥሩ ፕላስቲክ ተነጥፎ፣ ጠርዙ በውሃ ረጠብ ተደርጎ በእጅ መላጊያ ይላጋል። በኤሌክትሪክ ማሽንም ሆነ በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይገባም።

አንዳንዴ በሩም ማጠፊያውም ደህና ሆነው የተንቀሳቀሰው ቤቱ ራሱ ይሆናል። የኮለምበስ አፈር በብዙ ቦታ ሸክላማ ስለሆነ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ መሠረቱንም ያንቀሳቅሳል። በዚህ ጊዜ ከበሩ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጣሪያ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል፤ ጎረቤት ያሉት በሮችና መስኮቶችም አብረው ይታሻሉ። የመቃኑን ሁለት ሰያፍ መስመሮች በሜትር ሲለኩ እኩል አይመጡም። አንድ በር ብቻ ከታሸ ብሎን ይፈትሹ፤ በአንድ ወገን ያሉ ሦስት በሮች ከታሹ ግን ካቻቪቴውን አስቀምጠው መሠረቱን የሚያይ ባለሙያ ይጥሩ።

ተከራይ የሆኑ አንባቢዎች ብሎን ማጥበቅና ክፍተት መለካት ይችላሉ፤ መላግ ግን የእነርሱ ሥራ አይደለም። በተለይ በሩ ከአፓርታማው ወደ ጋራ ኮሪደር የሚወጣ ከሆነ፣ በማጠፊያው ጠርዝ ላይ እሳት የመቋቋም ደረጃ የሚገልጽ ትንሽ የብረት ወይም የወረቀት ምልክት ይፈልጉ፤ እሱ ያለበት በር ከተላገ ደረጃውን ሊያጣ ይችላል። የመግቢያ በርዎ ታሽቶ የማይቆለፍ ከሆነ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ቅጂውንም ቀኑ ተጽፎበት ያስቀምጡ። የኦሃዮ ሕግ አከራዩ በተገቢው ጊዜ፣ ቢበዛም በ30 ቀን ውስጥ ካልጠገነ፣ ኪራዩን በወቅቱ ሲከፍል የቆየ ተከራይ ኪራዩን በፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ እንዲያስቀምጥ በብዙ ሁኔታ ይፈቅዳል፤ በቃል የተነገረ ስሞታ ግን ለዚህ አይበቃም።